በእርግዝና ጊዜ ጉሮሮ ሲታመም፦ ቤት ውስጥ የሚደረገው፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውና የማይነካው

ሐዋሳ ውስጥ አንዲት እርጉዝ ሴት ጉሮሮዬን አመመኝ ካለች ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣላታል። ጎረቤት ጤና አዳም ቀቅለሽ ጠጪ ትላታለች፤ አማቷ ፌጦ በማር ትለውሳለች፤ ለመድኃኒት የተላከው ልጅ ደግሞ ዳይክሎፌናክና አሞክሳሲሊን በላስቲክ ይዞ ይመለሳል። ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ ለእርጉዝ አይሆኑም። አራተኛው፣ አሞክሳሲሊን፣ ለእርጉዝ ሴትም የሚሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው በማያስፈልግበት ሕመም ነው፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ ሳያልቅ ይቋረጣል። ከዚህ በታች ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ተጽፏል።

ደረጃ 1፦ ማንኛውንም ነገር ከመዋጥሽ በፊት ሁለት ቁጥር ያዢ

የመጀመሪያው ቁጥር የእርግዝናሽ ሳምንት ነው። "አምስት ወር አካባቢ ነኝ" የሚለው እዚህ ላይ አይበቃም፤ አንዳንድ መድኃኒት ክልክል የሚሆነው በሳምንት ተቆጥሮ ነው። ሳምንቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው፤ በክትትል ካርድሽ ላይም ተጽፏል። ካርዱን አውጪና ከዛሬዋ ቀን ጋር አስተያዪው።

ሁለተኛው የሰውነትሽ ሙቀት ነው። እጅን ግንባር ላይ አድርጎ መገመት ያሳስታል። ዲጂታል ቴርሞሜትር ካለሽ ብብትሽን ካደረቅሽ በኋላ ክንድሽን ግጥም አድርገሽ ያዢው፣ ድምፅ እስኪሰጥም ጠብቂ። በብብት ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት አለ ማለት ነው። መለካት ያለብሽ ፓራሲታሞል ከመውሰድሽ በፊት ነው። ከወሰድሽ በኋላ ብትለኪ ትኩሳቱ ተደብቆ ታገኚዋለሽ፤ ጤና ጣቢያ ስትሄጂም "ትኩሳት የለኝም" ትያለሽ። ሰዓቱንና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ወይም ስልክሽ ላይ ጻፊው።

ሐዋሳ ላይ ትኩሳት ከታየ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ወባ። ከተማው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር ነው፣ ወባም አለበት። ወባ ጉሮሮ አያሳምምም፤ ነገር ግን ጉሮሮ የታመመች ሴት ወባም ሊኖርባት ይችላል፣ በእርግዝና ላይ ሲሆን ደግሞ ለእናትም ለፅንስም ከባድ ነው። ስለዚህ ትኩሳት ያላት እርጉዝ "ቶንሲል ነው" ብላ ከመቀመጧ በፊት የወባ ደም ምርመራ ታድርግ። ይህ በአዳማም ያው ነው።

ደረጃ 2፦ ጉሮሮሽን እዪና የትኛው እንደሆነ ለዪ

በመስኮት ብርሃን ፊት ቁሚ፣ አፍሽን ክፈቺ፣ የማንኪያ እጀታ ምላስሽ ላይ በቀስታ ተጭነሽ "አ" በዪ። ሰው ካለ በስልክ መብራት ያብራልሽና ፎቶ ያንሳልሽ፤ ፎቶው በማግሥቱ ተሻለ ወይስ ባሰ የሚለውን ለማወዳደር ይጠቅማል።

በአብዛኛው ሴቶች ላይ የሚገኘው ተራ ጉንፋን ነው። አፍንጫ ይፈሳል፣ ሳል አለ፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ጉሮሮው ቀላ ይላል፣ ትኩሳቱ የለም ወይም ቀላል ነው። ምክንያቱ ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሦስተኛው ቀን አካባቢ ያይላል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ባለው ቀን ውስጥ ራሱ ይለቃል።

ሁለተኛው በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ይህ ድንገት ይነሳል፣ መዋጥ ያስጨንቃል። ሐኪም የሚፈልጋቸው አራት ምልክቶች አሉ፦ ትኩሳት፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ነገር መታየት ወይም ማበጥ፣ ከመንጋጋ በታች በአንገት ፊት ለፊት ሲነካ የሚያም እብጠት፣ እና የሳል አለመኖር። አራተኛውን ሰዎች ይዘነጉታል፤ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ ነገሩ ወደ ጉንፋን ያደላል። ከአራቱ ሦስት ወይም አራት ካሉሽ ቤት አትቀመጪ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ተመርመሪ። አንድ ብቻ ካለሽ ወይም ምንም ከሌለሽ አንቲባዮቲክ አትፈልጊም። ሁለት ከሆነ ለሁለት ቀን እየለካሽ ተከታተይ፤ ካልቀነሰ ሂጂ። ከሁለቱ አንዱ ትኩሳት ከሆነ ግን በደረጃ 1 እንዳልነው የወባ ምርመራው ቀን አይሰጠውም።

ሦስተኛው ብዙዎች የማይጠረጥሩት ነው። እርግዝናው ሲገፋ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይወጣና ጉሮሮን ያቃጥላል። ጠዋት ስትነሺ ይብሳል፣ አፍሽ ይመርሻል ወይም ይኮመጥጥሻል፣ ከተኛሽ በኋላ ደረትሽ ይቃጠላል፤ ትኩሳት የለም፣ ጉንፋንም የለም፣ ሳምንታት ይቆያል። ለዚህ የሎሚ ሻይ ቢጠጡበት ይባባሳል። መፍትሔው እራት ከበሉ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት፣ የአልጋውን ራስጌ በድንጋይ ወይም በጡብ 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ማድረግ፣ በግራ ጎን መተኛት፣ ዳጣና በርበሬ፣ ጠንካራ ቡናም መቀነስ ነው። ካልቀነሰ ሐኪሙ ለእርጉዝ የሚሆን የአሲድ ማስታገሻ ያዝልሻል፤ ያንን ከብረት እንክብልሽ ጋር አብረሽ አትዋጪው፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ለዪያቸው፣ አለበለዚያ ብረቱ ወደ ሰውነትሽ በደንብ አይገባም።

ሌላም አለ፦ ጉሮሮ ሲታመም የብረት እንክብልን ያለ በቂ ውሃ ተጋድሞ መዋጥ። እንክብሉ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሕመሙን ያብሳል። ተቀምጠሽ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጪው እንጂ "ጉሮሮዬ እስኪድን" ብለሽ አታቁሚው።

ደረጃ 3፦ በጨው ውሃ መጉመጥመጥ

ከቤት ሕክምናዎች ሁሉ ለእርጉዝ ሴት ስጋት የሌለበት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ሆድ የሚገባ ነገር የለውም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው በልክ ነው።

አንድ ትልቅ የውሃ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር የሚይዘውን፣ ተፍልቶ ለብ ባለ ውሃ ሙዪ። በሻይ ማንኪያ ግማሽ የምግብ ጨው ጨምሪና እስኪሟሟ አማስዪ። የምትጠቀሚው በትንሿ የሻይ ብርጭቆ ከሆነ ጨው ከሩብ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። አንድ ጉንጭ ያዢ፣ ራስሽን ወደ ኋላ አዘንብዪ፣ ውሃው ጉሮሮሽ ላይ እያለ "ኧ" እያልሽ 20 ሰከንድ ያህል ተጉመጥመጪበትና ትፊው። ብርጭቆው እስኪያልቅ ድገሚ። በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ያለው በይበልጥ ይጠቅማል።

ሁለት ስህተት በተደጋጋሚ ይታያል። አንደኛው ጨውን ማብዛት ነው፤ "ጠንከር ሲል ይገድላል" ተብሎ አንድ ሙሉ ማንኪያ ይጨመራል፣ ያኔ ጉሮሮው ይደርቅና ይበልጥ ይነድዳል። ሁለተኛው መዋጥ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ወደ 3 ግራም ይጠጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። ደም ግፊቷ ከፍ ያለ እርጉዝ በቀን አራት ጊዜ እየዋጠችው ከሆነ ጉዳት ነው። የሚያቅለሸልሽሽ ከሆነ ራስሽን ብዙ አታዘንብዪ፣ ጥቂት ጥቂት ብቻ ያዢ።

ለመጉመጥመጥ በጨው ውሃ ፋንታ ቤታዲን የሚሸጥ ቦታ አለ። በእርግዝና ላይ እሱን ደጋግሞ መጠቀም ይቅር፤ አዮዲኑ በአፍ ሽፋን በኩል ወደ ደም ገብቶ የፅንሱን የእንቅርት እጢ ሊነካ ይችላል።

ደረጃ 4፦ የሚጠጣና የሚበላ

ማር ለእርጉዝ ሴት ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር በቀስታ እየላሱ መዋጥ፣ ወይም ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ የሌሊት ሳልንም ያረጋጋል። በፈላ ሻይ ላይ አትጨምሪው፤ መጠጡ ራሱ ትኩስ ሆኖ የቆሰለውን ጉሮሮ ስለሚያቃጥል መጀመሪያ ይብረድ። በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል። በእርግዝና የመጣ ስኳር ካለብሽ ግን ማር ስኳር ነው፤ ትተሽ በጨው ውሃውና በሾርባ ቆዪ። ማር አደገኛ የሚባለው ዓመት ላልሞላው ሕፃን ነው፤ ያ ክልከላ ለሆድሽ ልጅ አይደለም፣ ከተወለደ በኋላ ግን እስከ ዓመቱ ድረስ በጣትም አታቅምሺው።

ዝንጅብል በምግብ ልክ ችግር የለውም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥሬ ዝንጅብል ከትፈሽ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ለአምስት ደቂቃ አፍልተሽ በቀን ሁለት ጊዜ መጠጣት ትችያለሽ። ቃር ካለብሽ ተዪው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም እንዲሁ። ነጭ ሽንኩርትም በሾርባ ውስጥ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬውን መዋጥ ጉሮሮንም ጨጓራንም ያቃጥላል።

ለምግብ፣ ሐዋሳ ላይ ሆኖ ከቡላ የተሻለ ለስላሳ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። በውሃ ወይም በተፈላ ወተት ቀጠን ተደርጎ የተሠራ የቡላ አጥሚት ሳይከረክር ይወርዳል። የአጃ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ የዓሣ ሾርባም ጥሩ ናቸው። አሞራ ገደል ከሄድሽ የበሰለውን ሾርባ እዘዢ፤ ጥሬው ዓሣ በእርግዝና ላይ አይበላም፣ ዳጣውም ለታመመ ጉሮሮ እሳት ነው። ጉሮሮ ያለሰልሳል ተብሎ የሚሰጥ ወተት በደንብ የተፈላ ይሁን። ያልተፈላ ወተት ብሩሴላና ሊስቴሪያ የተባሉ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል፤ ሁለቱም ፅንስ ያስወርዳሉ።

መዋጥ ስለሚያም ሳይጠጡ መዋል እርጉዝን በፍጥነት ያደክማል። ሽንትሽን እዪ፤ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ወይም ከጠዋት እስከ ቀትር ካልሸናሽ ውሃ አንሶሻል። በየሩብ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ መጠጣት አንዴ ብርጭቆ ሙሉ ከመጋት ይቀላል። ጾም ላይ ከሆንሽ፣ እርጉዝና ሕመምተኛ ነሽና ለንስሐ አባትሽ ወይም ለሃይማኖት አባትሽ ንገሪ።

የፈላ ውሃ እንፋሎት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መታጠን አፍንጫን ለጊዜው ይከፍታል፣ ለጉሮሮው ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው። ባሕር ዛፍ የተጨመረበት ድስት ጭን ላይ ተገልብጦ የሚደርሰው ቃጠሎ ከጥቅሙ ይበልጣል። አፍንጫሽ ከተዘጋ ሙቅ ውሃ ባለበት ክፍል መቀመጥ ወይም በንጹሕ የጨው ውሃ አፍንጫን ማጠብ ይሻላል።

የማይነኩት

ጤና አዳም ቡና ላይ የምትጣል ቅጠል ስለሆነች ሰው አይፈራትም። ቀቅሎ ወይም ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማሕፀንን የማኮማተር ባሕርይ አላት፣ በባህልም ጽንስ ለማስወረድ ስትሠራበት የኖረች ናት። ፌጦም በዚሁ ምክንያት ይታወቃል። ጥቁር አዝሙድና አብሽ በወጥ ውስጥ ባሉበት ልክ ምንም አይደሉም፤ በማንኪያ እየተለካ እንደ መድኃኒት መውሰዱ ይቅር። ዳማከሴ ለምች የሚታሽና የሚሸተት ነው፤ ጭማቂውን መጠጣት ለፅንስ ደኅና መሆኑ በሰው ላይ አልተረጋገጠም፣ ስለዚህ አትጠጪው። አረቄ "ጉሮሮ ይጠርጋል" ይባላል፤ ለእርጉዝ አንድም መለኪያ አይፈቀድም።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲልን በጣት ማስፈረጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ በንጹሕ ባልሆነ ስለት የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል፤ እርጉዝ ሴት ደም ካነሳት ደግሞ ለመውለጃዋ የሚተርፋት ጥቂት ነው። እንጥል ያበጠው በሕመሙ ምክንያት ነው፤ ሕመሙ ሲለቅ እሱም ይመለሳል።

ደረጃ 5፦ የሕመም ማስታገሻ

የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፣ በሁሉም የእርግዝና ወራት። ክብደትሽ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ትወስጃለሽ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ስድስት ሰዓት ይሁን፣ ሕመሙ ካስገደደ አራት ሰዓት። በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። ከ50 ኪሎ በታች ከሆንሽ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ብቻ፣ በቀን ከአምስት የማይበልጥ። በአንድ ፍሬ ጀምሪ፤ ካስታገሠልሽ ሁለተኛውን አትጨምሪ። ሰዓቱን በሚገባ ለመያዝ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ማድረግ ይቀላል። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ካስፈለገሽ መድኃኒቱን ከመቀጠል ይልቅ ምክንያቱን አስመርምሪ። የጉበት ሕመም ካለብሽ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪም ጠይቂ።

ፓራሲታሞልን ከኦቲዝም ጋር የሚያገናኝ ወሬ ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 በስዊድን የወጣ ጥናት ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን ተመልክቷል፤ ወንድምና እህትን እርስ በርስ ሲያወዳድር፣ ማለትም በአንደኛው እርግዝና ወስዳ በሌላው ያልወሰደችን እናት ልጆች ሲያይ፣ ግንኙነት አላገኘም። ያልታከመ ከፍተኛ ትኩሳት ግን ራሱ ፅንስን ይጎዳል። ስለዚህ ሲያስፈልግ፣ በትንሹ ልክ፣ ለአጭር ቀን መውሰድ ትክክል ነው።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰጂ። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ በፅንሱ ዙሪያ ያለው የሽርት ውሃ በአብዛኛው የፅንሱ ሽንት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የፅንሱን ኩላሊት ያዳክሙና ውሃው እንዲያንስ ያደርጋሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲቀሩ ያስጠነቀቀው በዚህ ነው። ከ30ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ፅንሱ ከመወለዱ በፊት ሊዘጋ የማይገባው ከልብ አጠገብ ያለ የደም ቧንቧ ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። በመርፌ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክም ያው ነው። ደም ግፊትን ለመከላከል በሐኪም የታዘዘልሽ አነስተኛ አስፕሪን ካለ ግን ያ ሌላ ነው፤ በራስሽ አታቁሚው።

"የጉንፋን" ተብሎ በአንድ ፍሬ የሚሸጠው ጥምር መድኃኒት ላይ ተጠንቀቂ። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለ ከሌላው ጋር ሲደመር ሳታውቂው ከልክ ታልፊያለሽ። ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን ካለበት ደግሞ የደም ሥር ያጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና ግፊት ላለባት ሴት አይሆንም። መድኃኒት ቤት ገብተሽ መጀመሪያ የምትዪው "የጉሮሮ መድኃኒት ስጠኝ" ሳይሆን "የ26 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፣ ፓራሲታሞል ብቻ ነው የምፈልገው" ይሁን። የሚመጠጥ የጉሮሮ ከረሜላ በልኩ ይቻላል።

ደረጃ 6፦ አንቲባዮቲክ ካስፈለገ

ሐኪም ስትሬፕቶኮከስ ነው ካለ ለእርጉዝ የሚመረጡት ከፔኒሲሊን ወገን ያሉት ናቸው፦ አሞክሳሲሊን፣ የሚዋጥ ፔኒሲሊን፣ ወይም አንድ ጊዜ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። ለፅንስ ደኅና መሆናቸው ለረጅም ዘመን ተሠርቶባቸው የታወቀ ነው። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስደሽ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም ትንፋሽ ማጠር ገጥሞሽ ከነበረ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ሌላ አለ። መርፌውን ከተወጋሽ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጪ።

ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን የልጁን ጥርስና አጥንት ስለሚያቀልሙ አይሰጡም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ለጉሮሮ አይታዘዝም፣ ለእርጉዝም ይታቀባል። ኮትሪሞክሳዞል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፎሊክ አሲድን ይሻማል፣ መውለጃ ሲቃረብም ይቅር ይባላል፤ ለስትሬፕቶኮከስም አይሠራም። ቤት ውስጥ ከሌላ ሰው የተረፈ ካለ አትንኪው።

አንቲባዮቲኩን መጨረስ ላይ ለምን እንደምንጨቀጭቅ ይኸው፦ ያልታከመ የስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ የልብ ቫልቭ ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን ወጣት ሴቶች ላይ የሚታየው የልብ ሕመም አንዱ ምንጭ ይህ ነው፤ የተጎዳ ቫልቭ ይዞ ማርገዝ ደግሞ ከባድ ነው። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከታከመ ይህ ይከለከላል። አንድ ሌሊት ዘግይቶ መሄድ ያን ያህል አያስፈራም፣ አለመሄድ ግን ያስፈራል። በልብ ሕመም ምክንያት በየወሩ ወይም በየሦስት ሳምንቱ መርፌ የምትወጊ ከሆንሽ በእርግዝና ምክንያት አታቋርጪው፤ የጉሮሮ ሕመም ሲነሳብሽ ደግሞ ሳትዘገዪ ታዪ።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

26ኛ ሳምንት ላይ ያለች፣ 58 ኪሎ የምትመዝን፣ ሐይቁ አካባቢ የምትኖር ሴት እንውሰድ። ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ መዋጥ ያቅታታል። ሳል የለም፣ አፍንጫዋ ደረቅ ነው። ብብቷን ስትለካ 38.2። ጻፈችው፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠች፣ አንድ ፓራሲታሞል ዋጠች፤ ስላላስታገሠላት ሁለተኛውን ጨመረች። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሕመሙ ሲቀሰቅሳት ስድስት ሰዓት አልፎ ነበርና ሁለት ጨመረች፤ እስካሁን አራት ፍሬ። ማክሰኞ ጠዋት በስልክ መብራት ስታይ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ፣ ከመንጋጋዋ በታች ስትነካው ያማል።

አራቱም ምልክቶች ተሟሉ። የክትትል ካርዷንና የጻፈችውን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ የወባ ምርመራ ነጻ ወጣ፣ የፅንሱ የልብ ምት ተሰማ፣ ፔኒሲሊን እንደማይቆጣት ተጠየቀች። ባለ 500 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን ጠዋትና ማታ ለ10 ቀን ታዘዘላት። ሃያ ፍሬ መሆኑ እዚህ ላይ ልብ ይባል። የተሰጠሽ አሥር ወይም አሥራ አምስት ፍሬ ከሆነ ለአሥር ቀን አይበቃምና ከመውጣትሽ በፊት ጠይቂ። የመጀመሪያውን ማክሰኞ ከዋጠች፣ የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ማታ ነው።

ረቡዕ ማታ ትኩሳቱ ወረደ፣ ሐሙስ እንጀራ መዋጥ ቻለች። የሚሳሳቱት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው፤ "ዳንኩ" ተብሎ የቀረው ለሌላ ቀን ይቀመጣል። እሷ ቀጠለች፤ ፓራሲታሞሉን ብቻ አቆመች። ስድስተኛው ቀን ላይ የብልት ማሳከክና እርጎ የመሰለ ፈሳሽ መጣ። ይህ አንቲባዮቲክ የሚያመጣው ፈንገስ ነው፣ በእርግዝና ላይ የተለመደ ነው፤ መፍትሔው አንቲባዮቲኩን ማቋረጥ አይደለም፣ ጤና ጣቢያ ተመልሶ በብልት የሚቀመጥ መድኃኒት መቀበል ነው። በራስሽ የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት አትግዢ።

አንቲባዮቲክ ከጀመረች 48 ሰዓት አልፎ ትኩሳቱ ባይወርድላት ኖሮ አሥሩን ቀን መጠበቅ አልነበረባትም፤ መመለስ ነበረባት።

ሌሊትም ቢሆን የሚያስሄድ

ምራቅ መዋጥ አቅቶሽ ከአፍሽ ከፈሰሰ፣ አፍሽን መክፈት ካቃተሽ፣ እብጠቱ በአንድ ጎን ብቻ ሆኖ ድምፅሽ ትኩስ ድንች አፍ ውስጥ የያዘ ሰው ድምፅ ከመሰለ፣ መተንፈስ ከከበደሽ ወይም ስትተነፍሺ ድምፅ ካለው፣ አንገትሽ ከገተረ እስኪነጋ አትቆዪ። ከቶንሲሉ አጠገብ መግል ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ያ በኪኒን አይወጣም።

የእርግዝናው ምልክቶችም አሉ፦ የልጁ እንቅስቃሴ ከወትሮው መቀነስ፣ የሚመላለስ የሆድ ቁርጠት፣ ደም ወይም ውሃ መፍሰስ፣ ፓራሲታሞል ወስደሽ የማይወርድ ትኩሳት፣ የጠጣሽውን ሁሉ ማስመለስ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን መደንገዝ ጋር ከመጣ የጉንፋን ነው አትበዪ፤ ግፊትሽን አስለኪ። ድንገት ከባድ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ከሳል ጋር ከያዘሽ ኢንፍሉዌንዛ ሊሆን ይችላል፣ እሱም እርጉዝን ከሌላው ሰው በላይ ይጎዳል፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሲጀመር ነው ጥሩ የሚሠራው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ማን እንደሚወስድሽ ጉሮሮሽ ገና መከርከር ሲጀምር ከቤተሰብሽ ጋር ተነጋገሪ፤ የሰፈርሽን የባጃጅ ሹፌር ስልክም ያዢ። ካርድሽን፣ የወሰድሻቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸውና ሙቀትሽን የጻፍሽበትን ወረቀት በአንድ ላስቲክ አድርገሽ በር አጠገብ አስቀምጪ። ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ስንት ሳምንት እንደሆንሽ፣ ምን እንደወሰድሽና በስንት ሰዓት እንደወሰድሽ ነው።